ሦስተኛዋ መስመር

አጎቴ አርባ ዓመት ሬዲዮ ጠግኗል። ዘንድሮ ልቡ ደክሞ አልጋ ያዘ። ሚስቱ ደግሞ ጆሮዋ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቢጣራም አትሰማውም። ስለዚህ ከአልጋው ሆኖ ቁልፍ ሲጫን ወጥ ቤት የምትበራ ቀይ ኤልኢዲ፣ ትንሽ መብራት፣ ሊሠራላት ተነሣ። ያለችው አንዲት ኤልኢዲ ናት፤ ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀላት።

ስሌቱን ሲያወርደው አፌን ከፍቼ ሰማሁት።

«ከባትሪው ዘጠኝ ቮልት ሁለቱን ኤልኢዲዋ ትወስዳለች፤ ሰባት ቀረ። የምትችለው ሃያ ሚሊአምፒር ነው። ሰባትን ለዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ስታካፍል ሦስት መቶ ሃምሳ ኦም። ጅረቱን የሚገታላት ሬዚስተር በዚያ ልክ ስለሌለኝ ባለ ሦስት መቶ ዘጠናውን አስገባለሁ። ልኩን የሚናገሩት መስመሮቹ ናቸው፦ ብርቱካናማ፣ ነጭ፣ ቡናማ።»

«ቀለሙን ልይልህ፣ አጎቴ?»

«እኔ የምትጽፈውን ግጥም ነካሁብህ? አንተም ሬዚስተሬን አትንካ!»

ሞራ በጋረደው ዓይኑ ከሣጥኑ አንዱን መርጦ በየደው። ሚስቱ ወጥ ቤት ቆማ ኤልኢዲዋን ትጠብቃለች። ቁልፉን ተጫነ። በበሩ በኩል መብራቷን አየኋት፤ እንደዚያ የደመቀ ቀይ አይቼ አላውቅም። ወዲያው ጠፋች።

ሬዚስተሩን አነሣሁት።

«ሦስተኛዋ መስመር ምንድን ናት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ጥቁር።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ኦም» አለ። «አሥር እጥፍ ሊጠጋ ጅረት ለቀኩባት። አቃጠልኳት።»

ሚስቱ እየሣቀች ገባች። «አየሁት! ጠራኸኝ?»

አጎቴ ቁልፉን ደግሞ ተጫነው። እሷም ወደ ወጥ ቤቱ ዞራ ጠበቀች።