«ላክ» የሚለውን ከመጫን በፊት

እንጅባራ ላይ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ትንሽ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ኮፒ ቤት ማለት ያንስባታል። ትተይባለች፣ ስካን ታደርጋለች፣ ጉርድ ፎቶ ታወጣለች፣ ኢሜይል ትልካለች፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ግማሹን ሰፈር ታስጠልላለች። በእኛ ከተማ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ቤቴ ሰው አጥታ አታውቅም፤ የምታጣው ደንበኛ ነው።

ኮምፒውተር ተቀምጦ ያስተማረኝ ሰው የለም። እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ ያበላሸሁትን ለመመለስ እያለቀስኩ ነው የለመድኩት። ተመራቂዎቹ ግን ማልቀሴን አያውቁም፤ እንደ ሐኪም ነበር የሚያዩኝ። ሐምሌ ላይ ጋዋኑን አውልቀው፣ ነሐሴ ላይ ፍላሽ በአንገታቸው አንጠልጥለው ይመጣሉ። «ሥራ ልወዳደር ነው፤ ኢሜይል ላኪልኝ» ይላሉ።

ስንት ጉድ አየሁ መሰላችሁ! አንዱ ረጅም ደብዳቤ ይጽፍና «ማስረጃዎቼን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ» ብሎ ምንም ሳያያይዝ ይልካል። አንዷ የባሕር ዳሩን ባንክ «እናንተን ማገልገል የልጅነት ሕልሜ ነው» ትለዋለች፤ ደብዳቤው የተጻፈው ግን በፊት ለተወዳደረችበት የጫማ ፋብሪካ ነው፣ የፋብሪካው ስም ከነአድራሻው አናቱ ላይ ቁጭ ብሏል። ከሁሉም የባሰው ባጃጅ ነጂው ነው። የመንጃ ፈቃዱን ያያያዘ መስሎት ሊሸጠው ፎቶ ያነሳውን ወይፈን ላከ። ቀን ቆጥሮ ቆጥሮ ሳይጠሩት ሲቀር ከፍተን አየነው።

«እንዲያው ወይፈኑን እንኳ ለቃለ መጠይቅ አይጠሩትም?» አለ።

«ቀንዱ አላማራቸውም ይሆናል» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ነው በትልልቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት። ሳትልኩ እዩ የሚል ነው። ስም፦ የምትጽፉለትን ድርጅት ስም ከማስታወቂያው ጋር አስተያዩ፤ የራሳችሁንም እንደ ዲግሪያችሁ እስከ አያት ጻፉ። አባሪ፦ መጀመሪያ አያይዙ፣ ደብዳቤውን ኋላ ጻፉ፣ ያያያዛችሁትን ደግሞ ከፍታችሁ እዩት። ቀን፦ የእኛ ነው የፈረንጅ? ስልክ፦ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጥሩት። በመጨረሻ ሁሉንም ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ዓይን የዘለለውን ጆሮ ይይዘዋልና።

ይቺ የመጨረሻዋ ናት ጣጣ ያመጣችው። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ዝናብ የተጠለለው ሁሉ ይሰማላ! የሰማ ደግሞ አስተያየት አለው። ልጁ «ታታሪና ትሑት ነኝ» ብሎ ሲያነብ ከበሩ በኩል «ትሑት እንኳ አይደለህም፤ ትናንት ሰላም ሳትለኝ አለፍክ» የሚል አይጠፋም። እንዲህ እንዲህ ሲል የአንድ ሰው ኢሜይል የሰፈር ጉዳይ ሆነ።

የዚህ ሸንጎ ሰብሳቢ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። የጡረታ ወረቀታቸውን ስካን ሊያስደርጉ መጥተው ወንበር ስሰጣቸው በዚያው ቀሩ። ያን ግድግዳ ላይ ያለውን ነገር «ደንቡ» ይሉታል። ሰው ሊልክ ሲል መነጽራቸውን ያደርጉና «ደንቡ ይነበብ!» ይላሉ። ሳይነበብ የተላከ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ አያናግሩኝም።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ ወደኔ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። በሂሳብ አያያዝ ተመርቃ እኔ ጋ ተቀምጣ ሥራ ትፈልግ ነበር። ወንድሜ ዳንግላ ላይ የቅቤና የእህል ሱቅ አለው፤ ሰውየው ደግ ነው ግን አንድ ነገር ካለ አለ ነው። «ጥቅምት እስኪገባ ሞክሪ። አንድም ቦታ ካልጠሩሽ መጥተሽ ሱቁን ትይዣለሽ» ብሏታል። ልጅቷ ደግሞ ቅቤ ሲሸታት ራሷን ያማታል። ብዙ ቦታ አመለከተች፤ ማንም አልጠራትም። አሁን የቀራት ባሕር ዳር ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ብቻ ነበር።

መስከረም ሃያ ነው። ዝናቡ እንደ ሐምሌ ይወርዳል፣ ነጎድጓዱ መብራቱን ይዞት ሄዷል፣ ቤቴ በተጠለለ ሰው ጢም ብላለች። ልጅቷ ጥፍሯን እየሞረደች ተቀምጣለች።

«የዱቄቱን ለምን አትጨርሺውም?» አልኳት።

«አክስቴ ደግሞ፣ ምን አስቸኮለሽ? እስከ መስከረም ሠላሳ ነው እኮ።»

ጋሼ ቀና አሉ። «ደንቡ ምን ይላል? ቀን! የእኛ ነው የፈረንጅ?»

«የእኛ ነዋ ጋሼ፣ መስከረም እኮ ነው ያልኩት።»

«ማስታወቂያውን አምጪው።»

ስልኬ ላይ ያነሳነውን ፎቶ አሳየኋቸው። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሴፕቴምበር ሠላሳ ይላል። እሷ ሴፕቴምበርን መስከረም ብላ ተርጉማ፣ ሠላሳውን እንዳለ ትታዋለች። ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የሸመደድነው፤ ሴፕቴምበር መስከረም፣ ኦክቶበር ጥቅምት እያልን። የፈረንጁ ግን ከእኛ ቀድሞ የሚሮጥ መሆኑን ማን ልብ ይላል!

ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ፣ እኔም ቆጠርኩ፣ በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆጠረ።

«ዛሬ ነው» አሉ ጋሼ። «እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ይላል። ዛሬ!»

ጥፍር መሞረጃው ከእጇ ወደቀ። «ቅቤ ሻጭ ሆንኩ!» ብላ ጮኸች።

ሁለት እግሬ የት እንደረገጠ አላውቅም። ትልቁ ኮምፒውተር መብራት ከሌለ ግንድ ነው። አሮጌዋ ላፕቶፕ ግን ትንሽ ባትሪ አላት፤ ፋይሉም እሷ ላይ አለ። ኢንተርኔቱን ከስልኬ እወስዳለሁ ብል ኔትወርኩም ከመብራቱ ጋር ሄዷል። ባጃጅ ነጂው ከደጅ አንገቱን አስገብቶ «ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ይሠራል፤ እናቴን እዚያ ሆኜ ነው የምደውልላት። ግቡ!» አለ።

እኔና ልጅቷ ገባን። ጋሼም ደንቡን ከግድግዳው ገንጥለው ገቡ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ይቅሩ፤ ዝናብ ነው» አልኳቸው።

«ያለ ደንብ ልትልኩ? አይደረግም!»

ሦስታችን ከኋላ ተጣብቀን፣ ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ፣ የባጃጁ ሸራ በነፋስ እየተገለበጠ፣ ዳገቱን ወጣን። ስልኬ ላይ አንድ መስመር ኔትወርክ ብቅ አለ። ነጂው ቆመ። ባትሪዋ ቀይ እያሳየች ነው።

«ስም!» አሉ ጋሼ።

ልጅቷ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበች። የዱቄት ፋብሪካው ስም ትክክል ነው፤ የሷም እስከ አያት ትክክል ነው። ቀጥላ «እንግዳን በፈገግታ ተቀብዬ ወደ መኝታ ክፍሉ በማድረስ…» ስትል ቆመች።

«ዱቄቱን ነው ወደ መኝታ የምታደርሺው?» አለ ነጂው።

በፊት ለአንድ ሆቴል ያመለከተችበት ደብዳቤ ነው! ስሙን ብቻ ቀይራ ሆዱን እንዳለ ትታዋለች። እዚያው አጠፋነውና ሂሳብ ስለ መሥራት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተካንበት።

«አባሪ!»

«አያይዣለሁ ጋሼ። ሲቪ አለ፣ ዲግሪ አለ።»

«ተከፍቶ ይታይ ነው የሚለው።»

«ባትሪው ሊያልቅ ነው እኮ!»

«ወይፈኑን አትርሺ» አለ ነጂው በሐዘን።

ከፈትኩት። ሲቪው ደህና ነው። ዲግሪው ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች መጣ፤ መጀመሪያ ማኅተም፣ ቀጥሎ ግንባር፣ ከዚያ ጢም። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ።

«ይሄ እኔ ነኝ።»

የጡረታ ወረቀታቸው ነው፣ ከነጉርድ ፎቷቸው። ስካነሩ ያነሳውን ሁሉ አንድ ዓይነት ስም እየሰጠ ያስቀምጠዋል፤ ከጋሼ ፋይል አንዱን፣ ከሷ አንዱን ብትነኩ በስሙ አይለይም። ልጅቷ የጋሼን ነክታለች።

ነጂው መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ለዱቄት ፋብሪካ ተወዳደሩ!»

«ቢጠሩኝ እሄድ ነበር» አሉ ኮራ ብለው። «የሃያ ዓመት ልጅ ከሚቀጥሩ እኔ እሻላቸዋለሁ።»

የሷን ዲግሪ ከፎልደሯ ፈልጌ፣ በስሟ ሰይሜ፣ ከፍቼ አይቼ አያያዝኩ።

«ስልክ!»

ልጅቷ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራች። «የአባቴ ነው። የኔ ውሃ ገብቶበት ጥገና ቤት ነው ያለው።» ቁጥሩ ትክክል ነበርና ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ላክ የሚለውን ተጫንኩት። ያቺ ክብ ምልክት ዞረች፣ ዞረች። «ተልኳል» የሚለው እንደመጣ ላፕቶፗ ድርግም ብላ ጠፋች። ጋሼ ደንቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ እኛ ግን ባጃጁ ዳገቱን ሲወርድ እንደ ሠርገኛ ዘፈንን።

ፋብሪካው ጠራት። ሲደውሉ ግን ያነሳው ወንድሜ ነው፣ ቅቤ እየመዘነ። ይህን ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ።

አንዲት ሴት በትሕትና «ከፋብሪካው ነው የምንደውለው፤ ሐሙስ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ እንድትቀርቡ» ስትለው፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አላት። ሴትዮዋ ከፋብሪካው መሆኗን ደገመችለት። «እሱን ሰማሁ። ሐሙስ አይመችም፤ ጤፍ የሚራገፍበት ቀን ነው። ዓርብ ይሁን» አለ።

ይህን ሲነግረኝ ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ቃለ መጠይቅ እኮ ነው! ገበያ መሰለህ የምትከራከረው?»

«ታዲያ ተስማማች እኮ» አለኝ። «ዓርብ ሌሎችም የሚመጡ አሉ አለች። ደግሞም ስንት እንደሚከፍሉ ጠየቅኳት፤ አልነግርም አለች። ቤቱ ደህና ቤት ነው መሰለኝ፣ ሚስጥር ይጠብቃሉ።»

«እና ልጅቷን ትለቃታለህ?»

ሱቁ ውስጥ የሚዛኑ ድንጋይ ሲቀመጥ ይሰማኛል። «ጥቅምት ሳይገባ ጠርተዋት የለ? ያልኩት ያልኩት ነው» አለና ስልኩን ዘጋብኝ።

ዓርብ አባትና ልጅ ሌሊት ተነስተው በሚኒባስ አብረው ሄዱ። እሱ በሩ ላይ ከጥበቃው ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ሲጫወት ዋለ፤ እሷ ተፈትና ወጣች። ቆይተው ተቀበሏት። ወንድሜ የሷን ፍራሽ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስሮ ሲያደርሳት፣ የፋብሪካውን ዱቄት በእጁ ቆንጥሮ በጣቱ አሽቶ፣ «የእኛ ስንዴ ይሻላል» ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ነግሮት ተመለሰ።