ይመር፣ አ.

አያልነሽ በተማረችበት የወረኢሉ ትምህርት ቤት የክፍል ደረጃ በተማሪው ካርድ ላይ በቀይ ቀለም ይጻፍ ነበር። የእሷ ካርድ ከዓመት ዓመት አንደኛ ነው የሚለው። ከታች «የወላጅ ፊርማ» በሚለው መስመር ላይ እናቷ አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ታትምበታለች። መምህሩ ካርዱን ሲቀበል፣ «አባትሽስ?» ይላታል። «ውጭ አገር ነው» ትላለች። እውነቷን ነበር። አባቷ ይመር እሷ ገና ስትድህ በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤም ድምፅም የለም።

ሃያዎቹን ስታጋምስ ዲቪ ደረሳት። ዘመድ ለዘመድ ተጠያይቆ የይመር ስልክ ከዴንቨር ተገኘ። ይመር ደንገጥ ብሎም ቢሆን አየር ማረፊያ መጥቶ ተቀበላት። ሻንጣዋን በሚነዳው ታክሲ ውስጥ ከጫነ በኋላ ግን ሞተሩን ሳያስነሳ ወደ እሷ ዞረ።

«ስሚኝማ። እዚህ ባለቤት አለችኝ፣ ልጅም አለኝ። ጌጥነሽ ስለ አንቺ የምታውቀው ነገር የለም። የእኅቴ ልጅ ነሽ እላለሁ።»

«ስሜስ? ይመር እኮ ነው የሚለው።»

«እሱ ቀላል ነው። አባትሽ ሞክሼዬ ነበር፣ ሞቷል።»

ሞክሼ የፍቅር ቃል ነው። ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ እየተሳሳቁ የሚጠራሩበት ነው። ይመር በዚያ ቃል ራሱን ገደለና መሪውን ያዘ። አያልነሽ የምትወርድበት ሌላ ቤት አልነበራትምና እሺ አለች።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሰው ሲጠይቀው፣ «የሞክሼዬ ልጅ ናት፣ የሙት ልጅ» ይል ነበር። ሰዎቹም ይመርቁታል። የሞክሼ አደራ እንዲህ የሚጠብቅ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል ይባልለታል። ይመር ምርቃቱን አንገቱን ሰበር አድርጎ ይቀበላል። ከአጠገቡ የቆመችው አያልነሽም አሜን ትላለች። እያንዳንዷን አሜን ግን አልረሳቻትም።

ኑሮዋን በራሷ ያዘች። ሎውሪ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ በሽተኛ እያገላበጠች፣ ከሥራ መልስ ኮሌጅ እየገባች፣ የሕዝብ ጤና ትምህርት በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሰች። በመጨረሻው ዓመት ከፕሮፌሰሯ ጋር አንድ ጥናት ሠራች። በአየር ማረፊያው ተሳፋሪ እየጠበቁ ተቀምጠው የሚውሉ ሾፌሮችን የደም ግፊት ለካች፣ ውጤቱን ተነተነች፣ በፖስተር አዘጋጅታ በጉባኤ ላይ አቀረበች። በጉባኤው መጽሔት ላይ ስሟ በፈረንጆቹ ደንብ መሠረት የአባት ስም ቀድሞ፣ የራስ ስም በአንዲት ፊደል አጥሮ ወጣ፤ «ይመር፣ አ.» ተብሎ።

ለማስተርስ ተቀባይነት ስታገኝ ክፍያው ከአቅሟ በላይ ሆነ። የቀራት ተስፋ አንድ ነው። በጎረቤት ከተማ በኦሮራ ያሉ የእኛው አገር የጤና ባለሙያዎች ማኅበር በየዓመቱ ለአንድ ሰው ሙሉ ክፍያ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ሲቪዋን ጽፋ ጨረሰች። ካላሸነፈች ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የያዘችው ቦታ ለሌላ ይሰጥባታል። ለማንም አልተናገረችም።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈር፣ ይመር ቤት ምሳ ተጠርታ ሳለ ልጁ አቤል ላፕቶፑን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ባዮሎጂ ሊመረቅ የተቃረበ፣ ቀልደኛ ልጅ ነው።

«አያል፣ ሲቪዬን ቼክ ታደርጊልኛለሽ? ለዚያ ለማኅበሩ ስኮላርሺፕ አፕላይ እያደረግኩ ነው። ሁለት ፔጅ ነው የሚሉት፣ የእኔ ሦስት ሆነብኝ።»

አያልነሽ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው። «ፎቶህን አውጣው። ቁመትና የጋብቻ ሁኔታ ምን ያደርጋል? ማን ነው ጻፍ ያለህ?»

«አባዬ።»

«ለሚስት አይደለም የምታመለክተው። አጥፋው።»

አቤል ሳቀ። እሷም ገጹን ወደ ታች ወረደች። «ጂፒኤህ ጥሩ ነው፣ ከትምህርቱ ሥር ይግባ። 'ሰው መርዳት እወዳለሁ' ግን የምርምር ፍላጎት አይባልም። የትኛው በሽታ፣ በእነማን ላይ፣ በምን ዘዴ፣ እሱን ነው የሚጠይቁህ። እዚህ ደግሞ 'የወጣቶች መሪ' ብለህ ዝም ብለሃል። ምን መራህ? ልጆቹስ ምን አገኙ? ሰንበት ሰንበት ሒሳብ ስታስጠናቸው ከርመህ የለ?»

«ኦ፣ እሱም ይገባል?»

«እሱ ነው እንጂ የሚገባው።»

«የምርምር ልምድ» ከሚለው ርእስ ሥር ስትደርስ እጇ ቆመ። የአየር ማረፊያው ሾፌሮች የደም ግፊት። የጉባኤው ስም። «ይመር፣ አ.»

«ይሄ የማን ነው?»

አቤል ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «አባዬ ነው አድ ያደረገው። ሴክሽኑ ባዶ ነበር። እሷ ትምህርቷን ጨርሳለች፣ አያስፈልጋትም አለኝ። እኔም ሾፌሮቹን በለካሽ ቀን ወንበሮቹን አመላልሻለሁ አይደል? ዊርድ ከሆነ ዲሊት አድርጊው።»

ይመር ከሶፋው ላይ ሆኖ ሰምቷል። ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረገና፣ «ተዪለት እንጂ» አለ። «ስሙ የእኔ ስም አይደል? ለልጄ ብሰጠው ማን ከልካይ አለኝ?»

ለልጄ አለ። ጌጥነሽ ከጓዳ፣ «ምን ተገኘ?» ብላ ብቅ አለች። ይመርም፣ «ምንም። የሞክሼ ነገር ነው» ብሎ ሳቀ።

አያልነሽ መስመሩን ለመሰረዝ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃት ነበር። ልጁም እኮ ሰርዢው ብሏታል። አልሰረዘችውም። እንዲያውም አሳመረችው። ሲቪ ላይ ጥናት ሲዘረዘር አመልካቹ የራሱን ስም አድምቆ መጻፍ የተለመደ ነው፤ አያልነሽም «ይመር፣ አ.» የሚለውን በደማቅ ፊደል አደረገችው። ቀሪውንም አሳጥራ ሁለት ገጽ ላይ አገባችው። ሥራዋ ያማረ ነበር።

«እንዲህ ጎላ ብሎ ይታያል» አለችው። «አሁን ላከው።»

የራሷን ደግሞ ያው መስመር ያው ደማቅ ፊደል እንዳለበት ከቤቷ ላከች። ከዚያ በኋላ የጠበቀችበትን ጊዜ ስታስታውሰው ጥሩ እንቅልፍ የተኛችበት ወራት ነበር ትላለች።

ኮሚቴው ሁለቱንም ለቅዳሜ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ጠራቸው። ሀቫና ጎዳና ላይ ባለችው የማኅበሩ ጠባብ ቢሮ ሰብሳቢው አቶ ወንድሙና ሊዲ የምትባል ነርስ ተቀምጠዋል። አቤልን ያመጣው ይመር ነው። ውጭ ቆይ ቢባል፣ «የልጄ ጉዳይ ነው» ብሎ ገባ። አያልነሽን ሲያይ ግን ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

አቶ ወንድሙ ሁለቱን ሲቪዎች ጎን ለጎን ዘረጉ። «አንድ ጥናት ሁለት ባለቤት ሆነብን። ይመር፣ አ. ማነው?»

«ሁለቱም ሠርተውታል» አለ ይመር።

«ጋሼ ይመር፣ አንድ ስም ሁለት ሰው አይሆንም» አለች ሊዲ። «ለፕሮፌሰሯ ብንደውልላት አሁኑኑ ይታወቃል።»

አቤል መሬት መሬት እያየ፣ «የእሷ ነው» አለ። «ሶሪ። እኔ አልሠራሁትም።»

ይመር ፈጠን አለ። «ልጁ ምን ያድርግ፣ ስም ተመሳስሎበት ነው! የእሷ አባት ነፍሱን ይማረውና ሞክሼዬ ነበር። የስም መመሳሰል ነው ያሳሳተን።»

አቶ ወንድሙ ሰው መቅጣት የማይወዱ ሰው ናቸውና ፊታቸው ፈካ። «የስም መመሳሰል ከሆነማ ሊታለፍ ይችላል። መስመሯን ከአቤል ሲቪ ሰርዘን ሁለቱንም ተወዳደሩ እንበላቸው። ምን ትያለሽ አያልነሽ?»

«እኔ ቅር አይለኝም፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ እንደ ተማሪ ለስላሳ ነበር። «ግን ሁለተኛ እንዳያሳስት በቃለ ጉባኤው ላይ ስማችን ከነአያት ይጻፍልን።»

«ይሄስ ደግ ነው። እንደ አገራችን።» እስክሪብቷቸውን አነሱ። «አቤል?»

«አቤል ይመር በዛብህ።»

«አያልነሽ?»

«አያልነሽ ይመር በዛብህ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ሊዲ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች፣ «አያቶቹም ሞክሼ ናቸው፣ ጋሼ ይመር?» አለችው።

ይመር ዓይኑን ወደ በሩ አሸሸ። አቤል ወደ አባቱ ዞሮ፣ «አባዬ?» አለ። ከዚያ ወደ አያልነሽ ዞረ። «ሲስተሬ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ሲቪዬን ቼክ ያደረግሽው አንቺ ነሽ እኮ። አይተሽ ነው የተውሽው።»

«አይቼ ነው። ያደመቅሁትም እኔ ነኝ።»

«እሱ ምን በደለሽ?» አለች ሊዲ፣ ቆጣ ብላ።

«እሱ አልበደለኝም። የበደለኝ አባቱ ነው። ወደ አባቱ የሚያስገባ ሌላ በር አላገኘሁም።»

አቶ ወንድሙ የማኅበሩን ደንብ አውጥተው አነበቡ። ሲቪው ላይ የሌላ ሰው ሥራ እያወቀ ያስገባ አመልካች ከውድድር ይወጣል ይላል። የአያልነሽ ሲቪ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ጭካኔን የሚከለክል አንቀጽ ደግሞ ደንቡ ውስጥ የለም። ይሄን የጭካኔውን ነገር ሊዲ ለብቻዋ ተናግራለች ይባላል።

ከሳምንታት በኋላ ማሸነፏ ተነገራት። ይመር በዚያው ቀን መጦሪያው በር ላይ ታክሲውን አቁሞ ጠበቃት። ቤቱ ውስጥ ምድር ቤት እንደሚያድር፣ ጌጥነሽ ካወቀች ወዲህ አንድ ቃል እንዳልተናገረችው፣ አቤልም ስልክ እንደማያነሳለት ነገራት። እሷ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቆማ ሰማችው።

«የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ገና አልሰማም» አለ። «ሽልማቱ በአዳራሽ ነው አሉ፣ ሁሉም ይመጣል። አያልነሽ ይመር ብቻ ተብሎ ቢነበብ ምን አለበት? በሽበቴ።»

«እኔ አንድም ቀን ስምዎን አላጠፋሁም» አለችው። «አሁን ደግሞ ላስጠራልዎት ነው፣ አባዬ።»

በዚያች ምድር አባዬ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። እሱም ገብቶታል፤ ሊይዛት የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

በሽልማቱ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ይመርና አቤል አልመጡም። አያልነሽ ለአቤል የጻፈችው አጭር መልእክት ስልኳ ውስጥ ሳይላክ ተቀምጧል፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስገብታ ሁለቴም አውጥታዋለች። አቶ ወንድሙ መነጽራቸውን አስተካክለው «አያልነሽ ይመር በዛብህ» ብለው አነበቡ። ጭብጨባው ተነሣ፣ ከዚያ ከመሀል ረገብ አለ።

«በዛብህ? ይመር በዛብህማ የእኛው ይመር አይደለም እንዴ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ ረድፍ። «ታዲያ ምኑ ናት?»

ጌጥነሽ በነጭ ነጠላዋ ብቻዋን መጥታ ከሴትየዋ ፊት ተቀምጣ ነበር። ሳትዞር፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ልጁ ናት» አለች።

አያልነሽ ወደ መድረኩ ወጣች።