የማክሰኞው ሐኪም ወደ ቅዳሜ ሲዛወሩ

እኔ ግልፍ የምል ሰው ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። እስክሪብቶ ስይዝ ግን ትሕትናው ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ካዛንቺስ በነበረው ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ማስታወቂያ ሁሉ የሚጻፈው በእኔ ነበር። ሥራ አስኪያጁ "አንቺ ጻፊው፣ አንቺ ታውቂበታለሽ" ባለኝ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ ዓርብ ጠዋት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ዶክተር ደወሉ። ዋና ሥራቸው መንግሥት ሆስፒታል ነው፤ እኛ ጋ የሚመጡት ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነበር። ሆስፒታሉ በእነዚያ ቀናት ተረኛ ስላደረጋቸው ከአሁን በኋላ የምመጣው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው አሉኝ። የሚያዩት አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ የናሙና ውጤት የሚጠብቁት ይቀድማሉ። ከዚያ የአንዲት ታካሚ ካርድ ቁጥር ነገሩኝና "እኚህ ሴት ቅዳሜ እንዳይቀሩ፣ አደራ" አሉ።

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ውጤት ለእኔ አይነገርም፤ እኔም ለማንም አልናገርም። ግን ዓመታት እዚያ ወንበር ላይ ስለተቀመጥኩ፣ ሐኪም አደራ ሲል ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ካርዱን አወጣሁት። ቄራ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ስልኩ የልጃቸው ነው፤ ሥጋ ቤት ይሠራል። ከስልኩ ሥር አብራኝ በምትሠራው ጓደኛዬ እጅ ጽሑፍ "ለታካሚዋ ምንም እንዳይነገር፣ ልጃቸው አደራ ብሏል" ይላል። እንዲህ ያለ ካርድ ብዙ ነበረን። በሽተኛው እንዳይደነግጥ ተብሎ ቤተሰቡ በሙሉ ይደነግጥለታል።

ስልክ ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ስለሚችል በመልእክት ላይ የበሽታም የክፍልም ስም አይጻፍም። ይህን ደንብ እኔው ነኝ አጥብቄ የማስከብረው። እናም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ውድ ቤተሰባችን፣ ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት የያዙት ቀጠሮ መለወጡን ስንገልጽልዎ ከልብ እያዘንን ነው። ይህን ጊዜ በብርታትና በትዕግሥት እንዲያልፉት እንለምናለን። ስለ ቀጣዩ ሁኔታ እስከ ረቡዕ 6 ሰዓት ድረስ የካርድ ቁጥርዎን ይዘው ይደውሉልን። ከጎንዎ ነን።"

ሁለቴ አነበብኩት። ውይ፣ እንዴት እንዳማረኝ! ቀጠሮ ለነበራቸው ሁሉ ላክሁት።

ሰኞ ማታ ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ቦታ ተይዟል። የሴትዮዋ ልጅ ግን ወይ ፍንክች። ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፤ ይጠራል፣ አያነሳም። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ደወልኩ፤ ጭራሽ ዘጋብኝ። ተናደድኩ። "የሰው ልጅ ለገዛ እናቱ ስልክ አያነሳም?" ብዬ ጮህኩ፤ የሚጠብቁት ታካሚዎች ዞረው አዩኝ። ሥራ አስኪያጁ "ረቡዕ ስድስት ሰዓት ካለፈ ቦታውን ለተጠባባቂ ስጪው፤ ሌሎቹም በሽተኞች ናቸው" አለ። እውነቱን ነው። ተጠባባቂዎቹ ሰባት ነበሩ።

ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አንዲት ቀጭን ሴት፣ አንገታቸውን በሻሽ ጠቅልለው ብቻቸውን ገቡ። ካርዳቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ቁጥሩን ሳየው ክው አልኩ።

"እናቴ፣ ዶክተሩ ዛሬ የሉም እኮ። ቀኑ ተለውጧል። ልጅዎ አልነገረዎትም?"

"ልጄ ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰም" አሉኝ። "ሳየው ፊቱን ያዞራል። ትናንት ደግሞ ታናሽ እህቴ ከወልቂጤ መጣች። 'ምን እግር ጣለሽ?' ብላት ዓይኗ እንባ ሞላ። ምን ብላችሁት ነው?"

"ምንም! የቀጠሮ መልእክት ነው የላክነው።"

"አንብቢልኝ።"

አነበብኩላቸው። የበሽታ ስም የለበትም ብዬ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው ግን መሀል ላይ ስደርስ ቆምኩ። "እያዘንን"፣ "በብርታት"፣ "ከጎንዎ ነን"። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዴት ነው? በለሰለሰ ድምፅ፣ ዙሪያ ጥምጥም ተሄዶ፣ አይዞህ ተብሎ። ደግሞም ሐኪሙ ቀን ቀየሩ የሚለውን ተራ ነገር እኔ ለጥንቃቄ ብዬ ጭራሽ አልጻፍኩትም። ልጁ እናትህ አበቃላት እንደተባለ ነው የቆጠረው። ስልክ ያላነሳው የቀረውን ላለመስማት ነው።

ሴትዮዋ ያስተማሯቸውን ልጆች ይቆጡበት በነበረው ድምፅ፣ "ምነው ልጄ! ጤነኛ ሰው ቢደርሰው እንኳ ኑዛዜ ያስጽፋል" አሉ። ልስቅም ላለቅስም ዳዳኝ። አፈርኩ፤ እግዜር ያውቃል፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ለልጃቸው ከራሳቸው ስልክ አስደወልኩና ተቀበልኳቸው። "ከክሊኒክ ነው፣ እንዳትዘጋው!" አልኩት። "ዶክተሩ የሥራ ቀናቸውን ወደ ቅዳሜ ቀየሩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ እናትህ ውጤት ማንም ምንም አልጻፈልህም።"

"ታዲያ እንደዚህ ብላችሁ አትጽፉም?" አለና አለቀሰ። እናቱ ይሰሙ ነበር። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ የመጨረሻውን ቦታ ያዝኩላቸው። ከዚያ ተቀምጬ ለቀሩት ሁሉ አዲስ መልእክት ጻፍኩ፦ "ሐኪምዎ የሥራ ቀን ስለቀየሩ ቀጠሮዎ ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል። ይህ መልእክት ስለ ውጤትዎ የሚናገረው ነገር የለም። ቅዳሜ ካልተመቸዎት ይደውሉ፤ ሌላ ቀን እንሰጥዎታለን። ሕመም ከባሰብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ።" አያምርም። ይገባል።

ቅዳሜ እናትና ልጅ አብረው መጡ። ተራቸው ሲደርስ ልጁ ቀድሞ ብቻውን ሊገባ ተነሳ። ዶክተሩን አደራ ሊላቸው መሆኑ ገብቶኛል። እናቱ ክንዱን ይዘው አስቀመጡትና "ቀጠሮው የእኔ ነው" ብለው ገቡ።

ያ ሃያ ደቂቃ አላልቅ አለ። ልጁ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ "እህቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ አይደል? ንገሪኝ" ይለኛል። ትልልቅ እጆች አሉት፤ የሚያስቀምጥበት ጠፋው። "አላውቅም" አልኩት። ዶክተሩ አደራ ማለታቸው አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። አይዞህ ልለው ፈልጌም ተውኩት፤ አይዞህ ማለት እንዴት እንዳስፈራው አይቻለሁ።

በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ወረቀታቸውን አጥፈው ይዘዋል። ልጃቸው እንደ ሐውልት ቆሟል። አላለሰለሱለትም፤ ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙና ሰው ሁሉ እየሰማ ነገሩት።

"ካንሰር ነው። በጊዜ ተደርሶበታል፣ ወር ሳይሞላ ቀዶ ሕክምና ያደርጉልኛል። አሁን አክስትህ ምሳ ሠርታ እየጠበቀችን ነው፤ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለህ ትበላለህ።"