«ሴት ቢያውቅ» የበላት በቅሎ

ምንዳዬ በጎሬ ከተማ በሰው ነገር የሚሟገት ጠበቃ ነበር። በጎሬ ደግሞ ከቡና ቀጥሎ የሚበቅለው ነገርና ሙግት ነው። ነጋዴው ከነጋዴ፣ ወታደሩ ከወታደር፣ ወንድም ከወንድም ሲካሰስ ይውላል፤ በሁሉም ደጅ ላይ ምንዳዬ አለ። መዝሙረ ዳዊትን እስከ ግማሽ ተምሮ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጣ፤ ሌላውን ግማሽ ከራሱ አፍ ጨመረበት። እንዲህ ያለውን ሰው አገራችን «ሊቅ» ትለዋለች፤ ድምፁ ወፍራም ከሆነ ደግሞ «ታላቅ ሊቅ» ትለዋለች። የምንዳዬ ድምፅ እንደ ነጋሪት ነበር።

ሥራው ሁሉ በሁለት ቃል ይቆማል፤ «መጽሐፍ ይላል»። ባለጉዳዩ ሰነፍ ሲሆንበት «‹አንተ ተነስ፣ እኔ አግዝሃለሁ› ይላል ወንጌል» ይላል። ወንጌል ይህን ቃል አያውቀውም። ባላጋራው ሀብታም ሲሆን «‹ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው› ይላል ጳውሎስ» ብሎ ይጮሃል። ጳውሎስስ ጽፏል፤ የጻፈው ግን «ገንዘብን መውደድ» ብሎ ነው። ምንዳዬ «መውደድን» ቆርጦ የጣላት ለራሱ ስላስፈለገችው ይመስለኛል። ሕዝቡም «እንዴት ያለ መጽሐፍ አዋቂ ነው!» እያለ ይገረማል። ማንም ግን አንድ ቀን «የት ምዕራፍ?» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። ለመጠየቅ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ለመገረም አፍ መክፈት ይበቃል።

በዐሥራ ዘጠኝ መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ወጥቶ ጭጋጉ ከጎሬ ተራራ ሲገለጥ የሀረገወይን ነገር መጣ።

ሀረገወይን ባሏ ደርበው የሞተባት ሴት ናት። ያዮ ጫካ ውስጥ አብረው ያቀኑት የቡና መሬት አላቸው፤ የጥላውን ዛፍ እየመረጠች ያስቀረችው፣ ሥሩን የመነጠረችው እሷ ናት። ደርበው በተቀበረ በማግሥቱ ወንድሙ ወንድይራድ መሬቱ የእኔ ነው አለ። ምስክር የለውም፤ ሴቲቱ ግን ምስክር አላት። ስለዚህ ወንድይራድ ነገሩ ሳይሰማ የሚያልቅበትን መንገድ ፈለገና ምንዳዬን ያዘ።

ችሎቱ ከዋንዛው ሥር ነው። ዳኛው ግራዝማች አምባዬ ናቸው፤ ሰው እየሰሙ የሚያንቀላፉ፣ በቅሎ ሲጠራ ግን የሚነቁ ሽማግሌ።

ሀረገወይን ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች። «ጌታዬ፣ ከሞተ አንበሳ ያልሞተ ውሻ ይሻላል። ደርበው አንበሳ ነበር፣ ሞተ። እኔ ውሻዪቱ አለሁ፤ ለመሬቴ ልጩህ» አለች።

ምንዳዬ ሳቀ። «ጌታዬ፣ ይህች ሴት የገበያ ተረት ይዛ ችሎት ትገባለች። እኔ ግን የመጽሐፍ ቃል ይዣለሁ። ‹ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ› ይላል ሰሎሞን! እንግዲህ ነገሯን የሚናገርላት የባሏ ወንድም፣ ይኸው ወንድይራድ ነው።»

ልብ በሉ! ከሳሿ የእሷ አፍ ሊሆን ነው። በግ «ጠበቃዬ ጅብ ይሁንልኝ» ብላ እንደመፈረም ነው።

«ዱጋ! እውነት ነው!» አለ ከኋላ አንዱ ኦሮምኛውን ካማርኛ ቀላቅሎ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። ከልጅነቱ የሰማው ቃል ነው፤ ከልጅነት የተሰማ ሁሉ ደግሞ ከሲና ተራራ የወረደ ይመስላል።

ግራዝማችም ጺማቸውን አሹ። «የአገሩ ልማድስ ሴት ስለ ራሷ ትናገራለች። መጽሐፍ ከከለከለ ግን እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ምን አደርጋለሁ?»

ሀረገወይን መጽሐፍ አታውቅም። ፊደልም አልቆጠረችም። ነገር ግን ያ ሁሉ ጫካ፣ ያ ሁሉ ቡና በአንድ ቤት መምቻ ቃል ሊሄድባት ሲል ደሟ ፈላ።

«እሰጥ!» ብላ ጮኸች።

«እሰጥ» ማለት ቀልድ አይደለም፤ አንዱ «እሰጥ» ካለ ሌላው «አገባ» ይላል፣ ያስያዘው ነገር ይታሰራል፣ የተረታ ይከፍላል። መክፈሉም ለዳኛ ነው። ለዚህ ነው ግራዝማች ቀና ያሉት።

«ምን ትሰጫለሽ?» አሉ።

«ይህ ቃል በሰሎሞን መጽሐፍ ከተገኘ አፌን እዘጋለሁ፤ ወንድይራድ ይናገርልኝ፤ መሬቱም ይሂድ። ካልተገኘ በራሴ አፍ እሟገታለሁ።»

«አንተስ፣ ምንዳዬ?»

ምንዳዬ ሕዝቡን አየ። ሕዝቡ እሱን አየ። ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ወደ ኋላ አይመለስም። «አገባ! ዳማ በቅሎዬን!» አለ።

«እልል!» አሉ ሴቶቹ። ወንዶቹ በቅሎዋን ለማየት ዞሩ።

መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ተጠሩ። እኚህ ሰው ብሉይን ከነትርጓሜው የተማሩ ናቸው፤ ደግሞም የማያውቁትን «አላውቅም» ይላሉ፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሊቅ አይመስሉትም። መጥተው ተቀመጡና መጀመሪያ የጠየቁት ይህን ነው፤

«የት ላይ?»

«ሰሎሞን!» አለ ምንዳዬ።

«ሰሎሞንማ አምስት መጻሕፍት አለው፤ ምሳሌ፣ ተግሣጽ፣ መክብብ፣ ጥበብ፣ መኃልይ። ከየትኛው?»

«ከ… ከመካከለኛው።»

ሕዝቡ ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም። «በል እንግዲህ በግዕዝ በለው። መጽሐፉ ወዳማርኛ የተመለሰው ከግዕዝ ነው፤ ቃሉ ካለ ግዕዙ ይኖራል።»

ምንዳዬ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እጁን ዘረጋ፤ ዐይኑን ጨፈነ። «ሴት እመ አእመረት፣ በወንድ ተፈጸመት!»

«አቤት አቤት!» አለ ሕዝቡ ደንግጦ። ሀረገወይን ፊቷ አመድ መሰለ።

መሪጌታ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ። «አቶ ምንዳዬ፣ በግዕዝ ሴት ‹ብእሲት› ናት። ‹ሴት› ያልክ እንደሆነ የአዳም ሦስተኛ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ወንድ ነው።»

ዋንዛው ሥር የነበረው ሳቅ መቱ ከተማ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። ወንድይራድ ብቻ አልሳቀም።

«ደግሞ ስሙት» አሉ መሪጌታ፤ «‹ቢያውቅ› እና ‹ያልቅ›። ቤት የሚመታው ባማርኛ ነው። ከሌላ ቋንቋ የተመለሰ ቃል እንዲህ አምሮ ቤት አይመታም፤ ይህ ባማርኛ የተወለደ ልጅ ነው።»

«እንግዲያ ተረታ!» አለች አንዷ።

«አልተረታም» አሉ መሪጌታ። «ይህ ምልክት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ቤት የሚመታ ቃል አንዳንዴ በአጋጣሚም ይገኛል። ማስረጃው ማንበብ ነው።»

አንዱ የቡና ነጋዴ በባሮ መርከብ በጋምቤላ የመጣ የታተመ ያማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረውና ሮጦ አመጣ። «ይኸው ሁሉም እዚህ አለ!» አለ። እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር። መሪጌታ ገለጥ ገለጥ አደረጉና መለሱለት። «ይህን ያተሙት ሰዎች ሲራክንና ጥበብን አላስገቡም። ከዚህ ታጣ ማለት ከእኛ ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ታጣ ማለት አይደለም። ሕዝቡ ደግሞ የሲራክን ቃል ለሰሎሞን መስጠት ይወዳል። ብራናው ይምጣ።»

ብራናው ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ግራዝማች ችሎቱን ለነገ አዛወሩ፤ በማግሥቱ ጎሬ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ተሰበሰበ። የገበያው ሚዛን ቆመ፣ ቡና ነጋዴው መጋዘኑን ዘጋ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያላዳመጠውን መጽሐፍ በቅሎ ስለተያዘበት ሊያዳምጥ መጣ።

መሪጌታ ከሲራክ ጀመሩ። ግዕዙን ያነባሉ፣ አማርኛውን ይናገራሉ። ሲራክ ስለ ክፉ ሴት ሲጀምር ምንዳዬ ቀስ እያለ ቀና አለ።

«‹ኃጢአት ከሴት ተጀመረች፤ ስለ እሷም ሁላችን እንሞታለን›» አሉ መሪጌታ።

ምንዳዬ ዘሎ ተነሳ። «ይኸው! ይኸው! በቅሎዬን ፍቱልኝ!» ወንድይራድ አቀፈው። ሀረገወይን የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

«ተቀመጥ» አሉ መሪጌታ። «ሴትን መንቀፉ ሌላ ነው፤ ያንተን ቃል መናገሩ ሌላ ነው። የተያዘው አንድ ቃል ነው። ‹የሚመስል አገኘሁ› ብሎ በቅሎ የሚፈታ የለም። ደግሞም ይህ ሲራክ ነው፤ አንተ ያልከው ሰሎሞንን ነው።»

ተቀመጠ። ምሳሌ ተነበበ፤ የለም። ጥበብ ተነበበ፤ የለም። መኃልይ ሲነበብ ጎረምሶቹ «ይደገም!» አሉ፤ ቃሉ ግን የለም። መክብብ ተከፈተ። በዘጠነኛው ምዕራፍ መሪጌታ ድንገት ቆሙና ፈገግ አሉ።

«‹ከልብ ሕያው ይኄይስ እምአንበሳ ምውት።› ያልሞተ ውሻ ከሞተ አንበሳ ይሻላል።»

ችሎቱ ተናወጠ! «የገበያ ተረት» የተባለው የሀረገወይን ቃል ነው! ራሷም አፏን ይዛ ቀረች፤ ከእናቷ የሰማችው ነበር፣ ከየት እንደመጣ አታውቅም። ምንዳዬ ተረት ያለው መጽሐፍ ሆነ፤ መጽሐፍ ያለው ተረት ሊሆን አንድ ክምር የብራና ቅጠል ቀረው።

«ገና ነው! ተግሣጽ አልተነበበም!» አለ ምንዳዬ። ነጋሪቱ ግን ተቀዶ ነበር።

ተግሣጽ ተነበበ። ጥቂት ቀረ። መጨረሻው የመልካም ሴት ነገር ነው፤ እርሻ ተመልክታ የምትገዛ፣ በእጇ ፍሬ የምትተክል። ያዮን ያዩ ሁሉ ወደ ሀረገወይን ዞሩ። ምንዳዬ ጣቶቹን እያፍተለተለ ነው። መሪጌታ ጣታቸውን ከመስመሩ በታች አስኬዱ።

«‹አፏን በጥበብ ትከፍታለች…›»

ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ሰማ! እልልታው፣ ጭብጨባው፣ የበቅሎዋ ማናፋት አንድ ሆነ። መሪጌታ እስኪያልቅ አንብበው መጽሐፉን ተሳልመው ዘጉት። «በሰሎሞን የለም። በሰማንያ አሐዱ ሁሉ የለም አልልም፤ ሁሉን ዛሬ አላነበብንም። የተያዘው ግን ሰሎሞን ነው። ቃሉ ያገር ተረት ነው፤ ባለቤቱ አገሬው ነው። ተረትነቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የሰሎሞንን ቆብ መድፋቱ ነው።»

«በቅሎዋ!» አሉ ግራዝማች በጣም ነቅተው። በቅሎዋን አሽከራቸው ፈታት። ሰሎሞን ጥበቡን፣ ሀረገወይን አፏን፣ ዳኛው በቅሎዋን አገኙ፤ ፍርድ በአገራችን ማንንም ባዶ እጁን አይሰድም፣ ምንዳዬን ካልቆጠርነው።

«በይ ተናገሪ» አሏት።

ሀረገወይን ተናገረች። የትኛውን ዛፍ ማን እንደቆረጠው፣ የትኛው ረድፍ በየትኛው ክረምት እንደተተከለ ዘረዘረች፤ ምስክሮቿም አንድ በአንድ መጥተው እንደሷው ተናገሩ። ወንድይራድ የሚጠራው ሰው አልነበረውም፤ ከሰሎሞን በቀር። መሬቱ ለሷ ተፈረደ።

ምንዳዬ ከዚያ ወዲህ ከጎሬ መቱ በእግሩ ይመላለስ ነበር። «መጽሐ…» ብሎ ይጀምርና መንገደኛው «የት ምዕራፍ?» ሲለው እርምጃውን ያፈጥናል። የመቱ ገበያ ሰዎችም «ያላነበበው ጥቅስ፣ በቅሎውን ያስለቅስ» የሚል ተረት አወጡለት።

አንድ ቅዳሜ ሀረገወይን መቱ ቡናዋን ስታስመዝን አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አጠገቧ ቆሞ ልጁን ይመክራል።

«ልጄ፣ አንብብ። ‹ያላነበበው ጥቅስ፣ በቅሎውን ያስለቅስ› ይላል ሰሎሞን።»

ሀረገወይን ከሚዛኑ ቀና አለች።

«እሰጥ!»