የሶፋ ፋብሪካው ደወልና ስድስተኛው መስመር

ስለ ሶፋ ፋብሪካዋ ልብስ ሰፊ ሴት ከተማው የሚያወራው ይህን ነው፦ እሳቱን ከአንድ ቀን በፊት አሽትታዋለች፤ ስልሳ ሰው በጥፊ እየነዳች አስወጥታለች፤ በመጨረሻም ነበልባሉን ሰንጥቃ ተመልሳ ታናሽ እህቷን አዝላ ወጥታለች። ወሬው ካፌ በገባ ቁጥር ሰው ይጨምራል፤ ትናንት ሰማንያ ደርሰው ነበር።

ለማመን ትንሽ ይቸግራል። ሰፊዋ ከነጫማዋ አርባ አምስት ኪሎ አትሞላም፤ እህቷ ግን ስትቀመጥ ወንበሩ ነፍስ ይማር የሚያስብል ድምፅ ያወጣል። የማሽተቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከመጀመሪያው እሳት ወዲህ የሰፊዋ አፍንጫ በርበሬና ሳሙና አይለይም።

የመጀመሪያው እሳት ከስምንት ዓመት በፊት ነበር። ደወሉ ሲጮህ እሷ ጎረቤቷን አየች፣ ጎረቤቷ አለቃውን፣ አለቃው ጣሪያውን። ማንም ስላልተነሣ ማንም አልተነሣም። «ይሄ ደወል ደግሞ አበዛው!» አለ አለቃው። እሷም የጀመረችውን ትራስ ጨረሰች፤ ዚፕም ገጠመችለት። አራት ደቂቃ! ምድር ቤት የተከመረው ስፖንጅ ግን ዚፕ እስኪገጠም አልጠበቀም። ጥቁር ጭስ በደረጃው ወጥቶ እንደ ቡጢ አፋቸውን መታው። ወደ ውጭው ደረጃ የሚያወጣው የጓሮ በር አሥር እርምጃ ላይ ሳለ፣ ሁሉም ጠዋት በገባበት ደረጃ ተጋፋ። ሰው ሰውን ረገጠ፤ የጎድን አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ጎረቤቷ «ቦርሳዬን!» ብላ ተመለሰች። ቦርሳውን ያገኙት ከሬሳዋ ሥር ነው።

ሰፊዋ ግራ እጇ ተጨማዶ ከሆስፒታል ስትወጣ አንድ ነገር ገብቷታል። ሰው ደወል ሲሰማ እግሩን አያነሣም፤ አንገቱን ነው የሚያዞረው። ሌላው ከተቀመጠ «ምንም የለም ማለት ነው» ይላል። ስለዚህ ቀድሞ የሚነሣ ሰው ማሳየት ያስፈልጋል።

አዲሱን አለቃ ነዝንዛ ልምምድ አስጀመረች። ለስድስቱም የስፌት መስመሮች መሪ ተመረጠ። ደወል ሲጮህ መሪው ማሽኑን ያጠፋል፣ ይነሣል፣ «እሳት! በጓሮ በር ውጡ!» ብሎ ይጮኻል፣ ይሄዳል። አያጣራም፤ ቦርሳ አይነካም። ቀኑን ለማንም አትናገርም፤ አንዳንዴም ዋናውን ደረጃ በሶፋ ትዘጋዋለች። መጀመሪያ ስድስት ደቂቃ ፈጀ፤ አንዱማ ፀጉሩን አበጥሮ ነው የወጣው። ከዓመት በኋላ ከሁለት ደቂቃ በታች ወረደ።

ከበሩ የሚርቀው የስድስተኛው መስመር መሪ እህቷ ናት።

«እትዬ፣ እኛ ሰፊ ነን ወታደር?» ትላለች።

«ተነሺ!»

«እሳቱ ሲመጣ ጥሪኝ፤ እስከዚያ ትራሴን ልጨርስ።»

«ትራስሽን ለመቃብርሽ ነው የምትሰፊው?»

እየተሳደበች ትነሣለች። በወር አንዴ፣ እየተሳደበች።

ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት፣ ምድር ቤት ከመቁረጫው የወጣ ብልጭታ የማጣበቂያ በርሜሎቹ አጠገብ ወደቀ። ደወሉ ጮኸ። የመጀመሪያው መስመር መሪ ሰፊዋ ናት። ማሽኗን አጠፋች፣ ተነሣች፣ ጮኸች። ልቧ ግን ወደ ስድስተኛው መስመር ጎተታት። ዞራ ልትሮጥ ስትል፣ ስልሳ አንገት ወደ እሷ መዞሩን አየች። ወደ ውስጥ ከሄደች ሁሉም ይቆማል። ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ግቢው ውስጥ ቆጠረች። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ እስከ አምስተኛው ሞላ። ስድስተኛው የለም። በርሜሎቹ ፈነዱ። መስኮቶቹ እንደ በረዶ ዘነቡ፤ የስፌት ማሽን ከፎቅ በርሮ የጥበቃው ጎጆ ላይ ወደቀ፤ አንዱ ጥበቃ ጆሮው ተቆርጦ በአፉ ይሳደብ ነበር። ሰፊዋ በአጥሩ ብረት ላይ እጇን ጠመጠመች፤ ጭሱ ውስጥ ገብታ አንድ ሬሳ ላለመጨመር።

ያኔ ከጭሱ ውስጥ እህቷ ወጣች። መስመሩ ሁሉ ከኋላዋ ነው። ሥራ ከጀመረ ሦስት ቀኑ የሆነ፣ ልምምድ ያላየ ሰፊ በኮሌታው እየጎተተች ነው፤ አፍንጫው ይደማል።

«ምን ሆነ?» አለቻት ሰፊዋ።

«‹መጀመሪያ ይጣራ፣ ስልኬንም ልፈልግ› ይለኛል! በመቀስ እጀታ አጣራሁለት።»

ከኋላቸው ጣሪያው ተደረመሰ። ሰፊዋ እህቷን አቅፋ ጮኸች፤ እህቷም «ቀስ በይ፣ ታንቂኛለሽ» አለቻት።

ባለፈው ሳምንት ሰፊዋ ካፌው ገብታ ተቀመጠች። ማንነቷን ያላወቀው አስተናጋጅ ወሬውን ከማሽተቱ እስከ ማዘሉ በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ሰማችውና ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ሁሉም ውሸት ነው። አላሸተትኩም። ማንንም አልመታሁም። ወደ ውስጥ አልተመለስኩም። እህቴን ያወጣት የገዛ እግሯ ነው። ከሁሉም ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ።»