ባሮ ዳር የነካሁት ጭቃ

በደርግ ዘመን ጋምቤላ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ምደባው በዕጣ ሲወጣ ጓደኞቼ አለቀሱልኝ፤ እኔ ግን በሆዴ እልል አልኩ። እናቴ ሸክላ ሠሪ መሆኗን የሚያውቅ ሰው እዚያ አይኖርማ!

በአገራችን የሸክላ ሠሪ ዘር ርስት አይወርስም፤ ከሌላው ጋር አይጋባም። ማሰሯችንን ይገዙናል፣ ከቤታችን ግን እህል ውኃ አይቀምሱም። ቡዳ ናቸው ይሉናል። አጎቴ ከብት አርብቶ ሀብታም ቢሆን፣ ሀብታሙ ቡዳ ተባለ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

ጋምቤላም ብቻዬን ነበርኩ። ሰው በቀረበኝ ቁጥር አገሬን እንዳይጠይቀኝ እሸሻለሁ። ያልሸሸሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አብሮኝ የሚያስተምር፣ ያገሬ የባላባት ልጅ። ልንጋባ ተነጋግረን ነበር። ወላጆቼ ገበሬዎች ናቸው ብዬ ዋሽቼዋለሁ።

እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ የውይይት ክበብ ይመራል። የራሱን ቤት ታሪክ ሳይቀር ያወራ ነበር፦ አያቱ ተራ ወታደር ሳሉ ንጉሡን ደስ አሰኝተው ማዕረግና መሬት አገኙ፤ ጭሰኞቻቸው ሲሶ ይገብሩላቸው ነበር፤ የመሬት አዋጁ ሲመጣ ሁሉም ቀረ። «አሁን እኔና የጭሰኛችን ልጅ እኩል ደመወዝ ነው የምንበላው። ዛሬ ሰው በትምህርቱ ነው» ይላል። እኔ ሞኟ ከልቤ አጨበጭባለሁ።

አንድ እሑድ ባሮ ዳር ስሄድ ጎረቤቴ፣ አንዲት አኝዋክ እናት፣ ማሰሮ እየሠሩ አገኘኋቸው። በእነሱ ዘንድ ሸክላ መሥራት ነውር የለውም፤ የማንም ሴት ሥራ ነው። የማሰሮው ከንፈር ሊሰነጠቅባቸው ሲል አላስቻለኝም። ቁጭ ብዬ ጭቃውን አሸሁ፣ አድቦልቡዬ በከንፈሩ ዙሪያ ቀጠልኩት፣ በእርጥብ መዳፌ አለሰለስኩት።

«እጅሽ ያውቃል! ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«እናቴ!» አልኩ ጮክ ብዬ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ቀና ስል እጮኛዬ አጠገባችን ቆሟል።

እስከ ቤቴ ተከተለኝ። በሩ ላይ ቆመ።

«ሸክላ ሠሪ ናት?»

«አዎ። አንተም እኮ ባላባትነት ቀርቷል ስትል ነበር።»

«የእኛን ማዕረግ ንጉሥ ሰጠው፣ አዋጅ ወሰደው። ያንቺን የሚወስድ አዋጅ ከየት ይመጣል?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ያ ነው የባሰብኝ።

የጋምቤላ ሙቀት እንደምታውቁት ነው፤ ሸሚዙ ላብ በላብ ሆኖ ከጀርባው ተጣብቋል፣ ከንፈሩ ደርቋል። በብርጭቆ ውኃ ቀድቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁለት።

ብርጭቆውን አየው፣ እኔን አየኝ።

«አልጠማኝም» አለ።