ሳይፈረም የለቀቅኩት ወንበር

ሐርጌሳ ከፍርስራሿ እየተነሳች፣ በየመንገዱ ሲሚንቶ ሲቦካ በነበረባቸው ዓመታት፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈሯ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ውሃ የሚያስቆፍር የእርዳታ ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ፈልጎ አመለከትኩ፣ ተፈተንኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ የድርጅቱ የቅጥር ክፍል ሠራተኛ ደወለልኝ። ማለፌን ነገረኝ፤ ኦፈር ሌተሩ፣ የቅጥር ደብዳቤው ማለት ነው፣ በዚሁ ሳምንት ይወጣል አለኝ።

ሰውዬው የዚያው አገር ሰው ነው፤ ያደገው ግን አዲስ አበባ ነው። አማርኛው ከእኔ የድሬዳዋ አማርኛ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ በተሰባበረ ሶማሊኛ ስታገል ለምውል ሴት፣ በስልክ ውስጥ «አይዞሽ እህቴ» የሚል ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ሌላው ቢለኝ ወረቀቱ የታለ እል ነበር። እሱን አልጠየቅኩትም። የአገሬን ቋንቋ ስለተናገረ ብቻ እንደ ዘመድ ቆጠርኩት፣ በማግስቱም ለሆቴሉ ባለቤት ልለቅ ነው ብዬ ተናገርኩ። ሴትየዋ መልካም ሰው ናቸው፤ መርቀውኝ፣ ዳሚ ሰፈር ያለች የእህታቸውን ልጅ በእኔ ቦታ ሊያስገቡ ወሰኑ።

ሳምንቱ አለቀ። ደወልኩ፤ «ሂደት ላይ ነው» አለኝ። ሌላ ሳምንት ሄደ፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው አለ። የማን ፊርማ እንደሆነ ስጠይቀው ስለ አዲስ አበባ ብርድ ያወራኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሳት ተወ። አንድ ቀን የቢሮው በር ላይ ስጠብቀው በመኪና ወጣ፤ ከመስታወቱ ጀርባ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝና ሄደ። እስከ ዛሬ ያ ሰላምታ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ክፍል የምንጋራው የአክስቴ ልጅ ገበያ ላይ ልብስ ትሸጣለች፤ ምላሷ ምሕረት የለውም። ነገሩን ስነግራት የተናደደችው በእሱ ሳይሆን በእኔ ነበር።

«ከእሱ ጋር ሰላምታ ትለዋወጫለሽ እንጂ አንድም ነገር አልጠየቅሽውም» አለችኝ። «የፈተነችሽ ሴት አለቃው አይደለችም? ለእሷም ጻፊላት።»

ለበላዩ መጻፍ ሰውን ማሳጣት መስሎኝ ነበር። ይሉኝታ! እሱ እኔን ሜዳ ላይ ሲጥል ይሉኝታ አልያዘውም። የቅጥር ክፍል ሠራተኛ የሚነግረው የታዘዘውን ነው፤ የሚወስነው በጀቱን የያዘው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እንደ እኔ በር ላይ ይቆማል።

ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ለሁለቱም አንድ ኢሜይል ጻፍኩ። ስድብ የለበትም፤ እንዳልሳደብ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጀምሬያለሁ። ቦታው ጸድቋል ወይ? ደብዳቤውን የሚፈርመው ማን ነው? ሥራ የሚጀመረውስ መቼ ነው? እስከ ሐሙስ በጽሑፍ ካልተመለሰልኝ አሁን ያለሁበት ሥራ ላይ እቀጥላለሁ፣ ሌላ ቦታም አመለክታለሁ አልኩ። ከዚያ በቀጥታ የሆቴሉ ባለቤት ዘንድ ሄጄ በእጄ አንድም ወረቀት እንደሌለ ነገርኳቸው። እሳቸውም ለእህታቸው ቃል መስጠታቸውን፣ ልጅቷም ቅዳሜ እንደምትመጣ ነገሩኝ።

መልሱ በማግስቱ መጣ። የጻፈችው የሰውዬው አለቃ ናት። የለጋሹ ገንዘብ አልጸደቀም፤ ቅጥሩ ከቆመ ሳምንታት አልፈዋል፤ ለአመልካቾች እንዲነገር ለቅጥር ክፍሉ ያኔውኑ አስታውቃለች። ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የጠፋው ሰውዬ ነበር።

«እህቴ፣ ለአለቃዬ ትጽፊብኛለሽ? ዝም ያልኩት እኮ ተስፋሽን እንዳልቆርጥ ብዬ ነው።»

«ወንድሜ፣ ተስፋዬን ስትጠብቅልኝ የእንጀራ ገመዴን በጠስከው» አልኩት። «የለም ብትለኝ ኖሮ ያኔ አልቅሼ ወንበሬ ላይ እቀመጥ ነበር።»

ስልኩን ዘጋው። የሚገርመው፣ ቅር ያለው እሱ ነበር።

የሆቴሉ ባለቤት ጨርሰው አላባረሩኝም፤ አንሶላ ማጠቢያው ክፍል ሰው ጎድሎ ነበርና እዚያ ሥሪ አሉኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ በፊት ግን ልጅቷን ማለማመድ ነበረብኝ። ቅዳሜ ጠዋት የክፍሎቹን ቁልፍ የትኛው የት እንደሚሰቀል፣ የእንግዳ ስም እንዴት እንደሚመዘገብ አሳየኋት። ጨዋ ልጅ ናት፤ ሁሉን በጥሞና ሰማችኝ። በመጨረሻ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና፣ አክስቷ ትልቅ መሥሪያ ቤት እንደተቀጠርኩ ነግረዋት እንደነበር አነሳች፤ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ።

አሜን ብያት ወደ አንሶላው ሄድኩ።